ለቁም እንስሳት ነጋዴዎች የሚነበብ የሬዲዮ ጽሑፍ፦ ቲን ቁጥር ለምን ያስፈልጋል፣ እንዴትስ ይወጣል?

ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በሬዲዮ የሚተላለፉ ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት «ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ ነው» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሰኞ ዱብሉቅ፣ ሐሙስ ያቤሎ፣ ቅዳሜ ደግሞ አዳማ የሚገኝ የከብት ነጋዴ ሬዲዮው ላይ ጆሮውን የሚጥለው ሁለት ጥያቄዎቹ ሲመለሱለት ነው። አንደኛው «ባይኖረኝ ምን አጣለሁ?» ሲሆን ሁለተኛው «ለማውጣት ስንት ቀን ገበያ ያስቀረኛል?» የሚል ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው ለአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎችና በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ለሚያስነብቡ የንግድና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች የሚሆን አጭር ጽሑፍ ነው። በአራት ክፍል የተከፈለ ሲሆን ከእያንዳንዱ ክፍል ቀጥሎ የነገሩ ማብራሪያ ተሰጥቷል። የሚመለከተው ከሌላ ሰው ገዝቶ የሚሸጠውን ነጋዴ ነው። ያረባውን ከብት አውጥቶ የሚሸጥ አርብቶ አደር ወይም አርሶ አደር የግብር ጉዳይ በሌላ መንገድ የሚታይ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ክፍል አንድ፦ ማድለቢያው በር ላይ

*(የመኪና ሞተር ሲጠፋ፣ የከብት ድምፅ)*

*ገንዘብ ያዥዋ፦* ጋሼ፣ አሥሩም ኮርማዎች ተመዝነው ገብተዋል። ቲን ቁጥርዎን ይስጡኝና ክፍያዎን ላዘጋጅ።

*ነጋዴው፦* ምን ቲን አመጣሽብኝ ልጄ? እኔ ከብት ነው የሸጥኩት። ገንዘቤን ስጪኝና ልሂድ።

*ገንዘብ ያዥዋ፦* ቲን ካለዎት ከመቶ ሁለት ብር ቀንሼ፣ ደረሰኝ ቆርጬ እሰጥዎታለሁ። ከሌለዎት ግን ከመቶ ሠላሳ ብር እንድይዝ ሕጉ ያስገድደኛል።

*ነጋዴው፦* ሠላሳ! ኧረ እኔ ከመቶ ሠላሳ ብር መች አተርፋለሁ?

ነጋዴው በመጨረሻ የተናገረው የጉዳዩ ቁልፍ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በጎ አድራጎት ተቋማት ዕቃ ሲገዙ ለሻጩ ከሚከፍሉት ገንዘብ ላይ ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ያዛል። በንግዱ ዓለም «ዊዝሆልዲንግ» የሚባለው ይህ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ የተቀመጠው ልክ በአንድ ግብይት ከ10,000 ብር በላይ ለሆነ የዕቃ ግዢ 2 በመቶ ነበር። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካልሰጠ ደግሞ የሚያዘው 30 በመቶ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ጽሑፉን የሚያስነብብ ጣቢያ በዕለቱ የሚሠራበትን መጠን ከአካባቢው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ቁጥሩን ማስተካከል ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት የተሠራው በ2008ቱ መጠን ነው።

ነጋዴው በደንብ ሊሰማው የሚገባው ነገር አለ። የሚቀነሰው ከትርፉ ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው የሽያጭ ገንዘብ ላይ ነው። የከብት ንግድ ደግሞ በእጅ የሚዞረው ገንዘብ ብዙ፣ የሚተርፈው ጥቂት የሆነበት ሥራ ነው። ስለዚህ ለሌላ ነጋዴ ከባድ ቅጣት የሚሆነው 30 በመቶ ለከብት ነጋዴ ዋናውን ገንዘብ የሚበላ ነው።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ከቦረና ገበያ አሥር ኮርማዎችን እያንዳንዱን በ55,000 ብር ገዛ እንበል፤ 550,000 ብር ሆነ። ለአይሱዙ ኪራይ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኖ፣ ለደላላና ለልዩ ልዩ ክፍያ 45,000 ብር አወጣ። ጠቅላላ ወጪው 595,000 ብር ነው። አዳማ ላይ ለአንድ ማድለቢያ ድርጅት እያንዳንዱን በ64,000 ብር ሲሸጥ 640,000 ብር ያገኛል። ትርፉ 45,000 ብር ነው ማለት ነው።

ቲን ካለው ገንዘብ ያዥዋ 12,800 ብር ቀንሳ 627,200 ብር ትከፍለዋለች። የተያዘችው 12,800 ብር አልጠፋችም። በስሙ ለመንግሥት ገቢ ትሆናለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚደርስበት ግብር ላይም ትቀነስለታለች። የዓመት ግብሩ 20,000 ብር ቢሆንና ሌላ የተያዘበት ባይኖር የሚጨምረው 7,200 ብር ብቻ ነው።

ቲን ከሌለው የሚያዘው 192,000 ብር ሲሆን በእጁ የሚደርሰው 448,000 ብር ነው። 595,000 ብር አውጥቶ ስለነበር 147,000 ብር ጎድሎበታል። ለአንድ ኮርማ ከነወጪው 59,500 ብር እንደሚያወጣ ቢታሰብ፣ በቀረው ገንዘብ በሚቀጥለው ዙር መጫን የሚችለው ሰባት ኮርማ ነው። በአንድ ሽያጭ ሦስት ኮርማ ከመኪናው ወርዷል። የተያዘው 192,000 ብርም ቢሆን የራሱ መለያ ቁጥር ስለሌለው በስሙ የሚመዘገብበት ፋይል የለም።

«ሽያጩን ከፋፍዬ በአሥር ደረሰኝ ላስቆርጥ» የሚለው ዘዴም አይሠራም። አንዱ ኮርማ ብቻውን ከተቀመጠው ወለል በላይ ዋጋ ያወጣል። ፍየልና በግ የሚሸጠው ነጋዴ አንዷ ፍየል ከወለሉ በታች ናት ብሎ ቢያስብ እንኳ፣ ሕጉ የሚያየው የአንዷን ራስ ዋጋ ሳይሆን የግብይቱን ወይም የውሉን ጠቅላላ ዋጋ ነው።

ገንዘብ ያዥዋን መለመንም ዋጋ የለውም። ገዢው ድርጅት መያዝ ያለበትን ሳይዝ ቢቀር ራሱ ከኪሱ እንዲከፍል ይገደዳል፤ ቅጣትም አለበት። በዚህ ምክንያት ብዙ ድርጅቶች 30 በመቶውን መያዙንም አይፈልጉትም፤ ቲን የሌለውን ነጋዴ ከነመኪናው ከበር ይመልሱታል።

ከበር የተመለሰው ነጋዴ ደግሞ ከብቱን ይዞ አያድርም። መኪናው ይከፈልበታል፤ ከብቱ ይከሳል። እዚያው በር አካባቢ ቲን ያለው ሌላ ነጋዴ ጠጋ ብሎ «ከየኮርማው 1,500 ብር ቀንስልኝና እኔ ላስገባልህ» ይለዋል። አሥሩ ላይ 15,000 ብር ነው፤ ከ45,000 ብር ትርፉ ሲሦው ሄደ ማለት ነው። ቲን ኖሮት ቢሆን ከሚያዝበት 12,800 ብር ይበልጣል። 12,800 ብሩ በዓመቱ መጨረሻ ሲታሰብለት፣ 15,000 ብሩ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም። ይህ ሰው «እኔ ግብር ከፍዬ አላውቅም» ብሎ ቢያስብም በየጉዞው ለሌላ ነጋዴ እየከፈለ ነው።

በገበያው አጥር ውስጥ ለሥጋ ቤት፣ ለሌላ ነጋዴ ወይም ለበዓል ለሚያርድ ሰው ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ችግር ለዓመታት ላያየው ይችላል። የሚያየው ወደ ማድለቢያ፣ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ሽያጭ የሄደ ዕለት ነው። ያን ዕለት ደግሞ ከብቱ መኪና ላይ ስለሆነ ቁጥር ለማውጣት ጊዜው አልፏል።

ክፍል ሁለት፦ «የጓደኛዬን ቁጥር ልስጥ»

*ነጋዴው፦* እሺ፣ አንድ ወንድሜ አለ፤ ቁጥር አለው። ልደውልና በእሱ ቁጥር ክፈይኝ።

*ገንዘብ ያዥዋ፦* ጋሼ፣ ይህን አላደርገውም። ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእኔም መዘዝ አለው።

*አቅራቢው፦* አድማጮቻችን፣ ቲን እንደ ገመድ የሚዋዋሱት ነገር አይደለም። የጣት አሻራ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ።

ቁጥር መዋዋስ በገበያ ውስጥ እንደ መተባበር ይቆጠራል። የሚያመጣው ጉዳት የሚታየው ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ገዢው ድርጅት ከማን ምን ያህል እንደገዛና ስንት ግብር እንደያዘ በቲን ቁጥር እየለየ ለገቢዎች ያሳውቃል። ስለዚህ በላይኛው ምሳሌ በተበዳሪው ኮርማዎች የተገኘው 640,000 ብር በአበዳሪው ስም እንደ ሽያጭ ይመዘገባል። ሦስት ጓደኞቹ እንዲህ ቢያደርጉ በእጁ ያልገባ የ1,920,000 ብር ሽያጭ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሒሳብ መዝገብ የሌለው ነጋዴ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። በሽያጩ መጠን ተመድቦ ግብር ሲጠየቅ፣ የከብቱን መግዣ ያወጡት ሌሎች ስለሆኑ የወጪ ማስረጃም የለውም።

ተበዳሪውም አይጠቀምም። የተያዘችው 12,800 ብር የተመዘገበችው በጓደኛው ቁጥር ስለሆነ በኋላ የራሱን ቲን ቢያወጣ አትታሰብለትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሌላን ሰው ቲን መጠቀምን፣ የራስን ለሌላ አሳልፎ መስጠትን፣ ከአንድ በላይ ቲን ማውጣትንም በወንጀል የሚያስጠይቁ አድርጓቸዋል። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እስራትም አለበት። በሕግ የተፈቀደለት የታክስ ወኪል የደንበኛውን ቁጥር ለደንበኛው ጉዳይ ሊጠቀም ይችላል፤ ደላላና የመኪና ባለቤት ግን ወኪል አይደሉም።

ክፍል ሦስት፦ ቁጥሩን ማውጣት

*ነጋዴው፦* እንግዲያው የት ልሂድ? ስንት ያስከፍላሉ? ደግሞ ልላክ እንዳትዪኝ፤ ነገ ገበያ አለኝ።

*ገንዘብ ያዥዋ፦* የሚሠሩበት ወረዳ ወይም ከተማ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ራስዎ ነው የሚሄዱት፤ አሻራ ስላለ ሰው መላክ አይቻልም። መታወቂያዎንና ጉርድ ፎቶ ይያዙ። ቁጥሩ አይሸጥም።

*አቅራቢው፦* ከገበያ በፊት ባለው ቀን ሳይሆን ገበያ በሌለበት ቀን ጠዋት ይሂዱ። መታወቂያዎ ቀኑ ያለፈበት ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌ ሄደው ያሳድሱ።

የግለሰብ ነጋዴ ቲን የሚሰጠው ሥራውን በሚያከናውንበት ወይም አድራሻው ባለበት አካባቢ ባለው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። በክልሎች ይህ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ገበያ ለገበያ የሚዞር ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ወረዳ ውስጥ ስለሚገዛ ሦስት ቦታ መመዝገብ ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። የንግድ ፈቃዱን ባወጣበት ወይም ሊያወጣ ባሰበበት አንድ አድራሻ ይመዘገባል፤ ቁጥሩ በመላው አገሪቱ ይሠራል።

ይዞ መሄድ ያለበት ጥቂት ነገር ነው። በመጀመሪያ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ይሆናል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያውንም አብሮ ይያዝ፤ የመንግሥት አገልግሎቶች ከፋይዳ ጋር እየተሳሰሩ በመሆናቸው በኋላ ከመመላለስ ያድነዋል። ሁለተኛ በቅርብ የተነሳው ጉርድ ፎቶግራፍ። ሦስተኛ የሥራ አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ፤ ቢሮ ወይም በረት የተከራየ የኪራይ ውሉን፣ በራሱ ቤት የሚሠራ ደግሞ የቤቱን ማስረጃ ይይዛል። ከሌሎች ጋር በሽርክና የተቋቋመ ድርጅት ከሆነ የመመሥረቻ ጽሑፉ ይጨመራል፤ ድርጅቱም ከባለቤቶቹ የተለየ የራሱ ቲን ይወጣለታል።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለጉዳዩ የምዝገባ ቅጽ ይሞላል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ከሆነ ሠራተኛው እየጠየቀ ይሞላለታል። በቅጹ ላይ ሙሉ ስም ከነአያት፣ አድራሻ፣ ስልክና የሥራው ዓይነት ይጻፋል። ከዚያ የአሥሩም ጣቶች አሻራና ፎቶ ይወሰዳል። አሻራው ከዚህ በፊት ተመዝግቦ ካልተገኘ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል፤ የምስክር ወረቀትም ታትሞ ይወጣለታል። የሚነገድበት ቁጥር ስላልሆነ «ቲን አወጣልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተሯሯጭ ካለ መራቅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለአንዳች አገልግሎት ክፍያ ከጠየቀ ሕጋዊ ደረሰኝ ሊቆርጥለት ይገባል።

በዚህ ሒደት ከሚበላሹት ነገሮች ብዙዎቹ የሚመጡት ከሦስት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ስም ነው። መታወቂያው ላይ «ወልደ ማርያም» ተለያይቶ፣ ባንክ ደብተሩ ላይ «ወልደማርያም» ተጣብቆ፣ ወይም በአንዱ ላይ የአያት ስም ተትቶ ሊገኝ ይችላል። በቦረናና በሶማሌ አካባቢ ደግሞ አንድ ሰው ገበያ ላይ የሚታወቅበት ስምና መታወቂያው ላይ የተጻፈው ጨርሶ ሊለያዩ ይችላሉ። ቲን ላይ የሚወጣው ስም ከንግድ ፈቃዱና ከባንክ ሒሳቡ ጋር ካልተመሳሰለ ድርጅቱ ክፍያውን በቼክ ወይም በባንክ ሲያስተላልፍ ይመለሳል። ስለዚህ ቅጹን ከመፈረም በፊት ስሙ ፊደል በፊደል ተነብቦ መመሳከር አለበት። ለማረም ቀላሉ ሰዓት ያ ነው።

ሁለተኛው ቀድሞ የወጣ ቁጥር ነው። ከዓመታት በፊት ሱቅ የነበረው፣ መኪና የነበረው ወይም ተቀጥሮ ደመወዝ ይከፈለው የነበረ ሰው ያኔ ቲን ወጥቶለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሥራ ሲለወጥ አይለወጥም። አዲስ እንደሚያወጣ ሰው ቢቀርብ አሻራው የድሮውን ያወጣዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቁጥር ሳይሆን «ቀድሞ ቲን ነበረኝ፤ አሁን የቁም እንስሳት ንግድ ልጨምር» ብሎ ማስመዝገብ ነው። በድሮው ሥራ ያልተዘጋ የግብር ፋይል ካለም አብሮ ይወጣል። ይህ ለጊዜው ቢያስጨንቅም ትልቅ ሽያጭ ላይ ከሚወጣ ይልቅ አሁን ቢወጣ ይሻላል።

ሦስተኛው ከፊት ያሉት ዜሮዎች ናቸው። ብዙ ቁጥሮች በ«00» ይጀምራሉ። ነጋዴው በቃሉ ሲናገር ዜሮዎቹን ይተዋቸዋል፤ ገንዘብ ያዡም ስምንት አኃዝ ብቻ ይጽፋል። ዜሮው የቁጥሩ አካል ነው። አሥር አኃዝ ያልሞላ ቲን የተጻፈበት ደረሰኝ የተያዘውን ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ፋይል ላያደርሰው ይችላል። የምስክር ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝና ከዚያ እያዩ ማስጻፍ ይህን ያስቀራል።

ክፍል አራት፦ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ

*ነጋዴው፦* (ስልክ ላይ) አንቺ ልጅ፣ ቁጥሩ ወጣልኝ። አሁን አለቀ አይደል?

*ገንዘብ ያዥዋ፦* እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። ንግድ ፈቃዱ ቀርቶብዎታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የምሰጥዎትን ደረሰኝ ሁሉ እንዳይጥሉ።

*ነጋዴው፦* ወረቀት ከብት አይበላ፣ ምን አደርገዋለሁ?

*ገንዘብ ያዥዋ፦* ያቺ ወረቀት ናት 12,800 ብርዎ።

ቲን የንግድ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ቲን ለሌለው ሰው ፈቃድ እንዳይሰጥ የታክስ አስተዳደር አዋጁ ይከለክላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቲን፣ ቀጥሎ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ላይ የሥራ መስኩ የቁም እንስሳት ንግድ ተብሎ በትክክል መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። «ልዩ ልዩ ሸቀጥ» በሚል ፈቃድ ኮርማ ይዞ የሚቀርብን ነጋዴ ገዢው ድርጅት ሊመልሰው ይችላል።

ቁጥሩ መውጣቱ ብቻውን የግብር ዕዳ አያመጣም። ዕዳውን የሚያመጣው ንግዱና ገቢው ነው። ነጋዴዎች የሚፈሩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ «አንዴ ፋይል ከተከፈተብኝ በግምት ይጭኑብኛል» የሚለውን። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሒሳብ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ የሚገመተው በሽያጩ ነው፤ የከብት ነጋዴ ሽያጭ ደግሞ ትልቅ ነው። የ640,000 ብር ሽያጭ የሰማ ገማች 45,000 ብር ብቻ እንደተረፈ በራሱ አያውቅም። ይህን የሚያሳውቀው የወጪ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ገጽ ቢመደብ ይበቃል፤ ስንት ከብት፣ ከየትኛው ገበያ፣ በስንት ተገዛ፣ ለመኪና፣ ለመኖ፣ ለቀረጥና ለደላላ ስንት ወጣ፣ ለማን በስንት ተሸጠ፣ ስንት ተያዘ። ከአርብቶ አደር ሲገዛ ደረሰኝ ስለማይኖር የሻጩ ስምና ፊርማ ወይም አሻራ ያለበት የግዢ ወረቀት፣ የገበያው የቀረጥ ደረሰኝና የአይሱዙ የኪራይ ወረቀት ተያይዘው ቢቀመጡ ነጋዴው ገማቹ ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም።

ገዢው የሚሰጠው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ላይ ሦስት ነገር እዚያው በር ላይ መታየት አለበት። አሥሩም አኃዝ ትክክል መሆናቸው፣ ስሙ በትክክል መጻፉ፣ የተያዘው ገንዘብ ከስሌቱ ጋር መስማማቱ። ስህተት ካለ ያን ሰዓት በአንድ ደቂቃ ይታረማል። ከሰባት ወር በኋላ ግን ገንዘብ ያዡም ላይኖር፣ ጥራዙም ላይገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ የዓመቱ ደረሰኞች በአንድ ፖስታ ተጠራቅመው ሐምሌ ላይ ለሚጀምረው የማሳወቂያ ጊዜ ይደርሳሉ።

የመጨረሻው ነገር መዝጋት ነው። በድርቅ ዓመት ገበያው ሲበተን ወይም በበሽታ ምክንያት ገበያ ሲዘጋ ነጋዴው ሥራውን ትቶ ወደ ሌላ ይዞራል። ለጽሕፈት ቤቱ ሳያሳውቅ ከቀረ ግን ፋይሉ እንደሚነግድ ሰው ይቆያል፤ ግምቱና ቅጣቱ ይጠራቀማል። ሥራው ለወራት ብቻ የቆመ ከሆነ ያንኑ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ጨርሶ ከተተወም ፈቃዱን መልሶ ከግብር ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለአስነባቢዎች

ጽሑፉ በአንድ ጊዜ አራቱም ክፍል ቢነበብ አድማጩ ስለሚረሳው በአራት ተከታታይ የገበያ ዋዜማዎች አንድ አንድ ክፍል ቢተላለፍ ይሻላል። በቦረናና ጉጂ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሌ ገበያዎች በሶማሊኛ ሲነበብ «ቲን» የሚለው ቃል እንዳለ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ያዧ የምትጠይቀው በዚያ ስም ነው። የኮርማው ዋጋ በየገበያው ስለሚለያይ አስነባቢው በዚያ ሳምንት በዚያ ገበያ የሚሸጥበትን ዋጋ አስገብቶ ስሌቱን እንደገና ይሥራው። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ደግሞ የአካባቢው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት አሻራ እንደሚወሰድ ይነገር። አንዳንድ ወረዳ ላይ የአሻራ መውሰጃው መሣሪያ በዞን ወይም በከተማው ቅርንጫፍ ብቻ ሊኖር ስለሚችል፣ ይህ ሳይጣራ ከተላለፈ ነጋዴው አንድ የገበያ ቀን ከስሮ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለተኛ ደግሞ አይሄድም።